ለሲስተም መከታተያ የበጀት ጥያቄ

ቀን፦ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለ፦ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምሪያ ሥራ አስኪያጅ
ከ፦ ሲስተምና ኔትወርክ ቡድን

ጉዳዩ፦ ለሰርቨርና ለኔትወርክ መከታተያ የሚሆን በጀት እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ

ከኅዳር 1 እስከ ጥር 30 ባሉት 90 ቀናት የደንበኞች ማዘዣ ሲስተም ሰባት ጊዜ ተቋርጧል። በድምሩ 1,134 ደቂቃ፣ ማለትም 18 ሰዓት ከ54 ደቂቃ አገልግሎት አልሰጠም። አገልግሎቱ 99.9 በመቶ እንዲገኝ ቃል የገባን ሲሆን በዚህ ስሌት የሚፈቀድልን መቋረጥ 130 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነበር። የደረስንበት 99.125 በመቶ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ሰንጠረዥ ሲመለከቱ መሃለኛውን ዓምድ በተለይ እንዲያዩልን እንለምናለን።

| ምክንያት | እስኪታወቅ (ደቂቃ) | እስኪጠገን (ደቂቃ) |
|---|---|---|
| የዳታቤዝ ሰርቨር ዲስክ መሙላት | 375 | 40 |
| የደህንነት ሰርተፊኬት ጊዜ ማለፍ | 95 | 25 |
| የአፕሊኬሽን ሰርቨር ሜሞሪ ማለቅ | 140 | 20 |
| የዳታቤዝ ኮኔክሽን ማለቅ | 62 | 18 |
| ያው ችግር፣ ለሁለተኛ ጊዜ | 48 | 17 |
| የማከማቻ ዲስኮች ብልሽት | 110 | 130 |
| የስዊች ብልሽት | 19 | 35 |
| ድምር | 849 | 285 |

ከጠፋው ጊዜ ሦስት አራተኛው ያለፈው በጥገና አይደለም፤ ሲስተሙ መውደቁን ማንም ሳያውቅ ነው። በአምስቱ መቋረጦች መጀመሪያ የነገሩን ደውለው ያማረሩ ደንበኞች ናቸው።

አሁን ያለን መከታተያ በየአምስት ደቂቃው ሰርቨሮቹን ፒንግ የሚያደርግና ምላሽ ሲያጣ ኢሜይል የሚልክ አንድ ስክሪፕት ነው። ፒንግ የሚነግረን ማሽኑ መብራቱን እንጂ አገልግሎቱ መሥራቱን አይደለም። ዲስኩ በሞላበት ሌሊት የሆነውም ይኸው ነው፦ የ/var ክፍልፍል በሎግ ፋይል ተሞልቶ ከሌሊቱ 8፡10 ላይ ዳታቤዙ መጻፍ አቆመ፤ ሰርቨሩ ግን እስከ ጠዋቱ 2፡25 ድረስ ለፒንግ በደንብ ይመልስ ነበር። ከአምስት ቀን በፊት ዲስኩ 78 በመቶ ደርሶ እንደነበር ያወቅነው በኋላ ነው። በማከማቻው ላይ የደረሰው ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል። ሬይድ 5 አንድ ዲስክ ቢበላሽ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ሁለተኛ ከተበላሸ ግን ይቆማል። የመጀመሪያው ዲስክ ከተበላሸ 16 ቀን አልፎት ነበር፤ ምልክቱም ማንም በማያየው በኩል የበራች ቢጫ መብራት ብቻ ነበረች። በዚያ ላይ የማስጠንቀቂያ ኢሜይሉን የሚያስተላልፈው ሰርቨር ከምንከታተላቸው ማሽኖች አንዱ ስለሆነ፣ እሱ ከወደቀ መልእክቱም አይወጣም።

ስለዚህ ዛቢክስ እንዲተከል እንጠይቃለን። ክፍት ምንጭ ስለሆነ የፈቃድ ክፍያ የለውም፤ 38ቱን ሰርቨሮች በኤጀንት፣ 14ቱን ስዊቾች በኤስኤንኤምፒ ይከታተላል። በጀቱ የሚያስፈልገው ለሚከተሉት ነው፦

- 8 ኮር፣ 32 ጊጋባይት ሜሞሪና በመስታወት ቅጂ የተጣመሩ ሁለት ባለ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ ያሉት አንድ ሰርቨር። ከዋናው ማከማቻ ጋር መጋራት የለበትም፤ አለበለዚያ አብሮ ይወድቃል።
- ከግቢያችን ውጭ የሚቀመጥ አንድ አነስተኛ ቨርቹዋል ማሽን፣ ድረ ገጹን እንደ ደንበኛ ሆኖ በየደቂቃው የሚሞክርና መከታተያውንም ራሱን የሚጠብቅ።
- ለአራት ተረኞች የአንድ ዓመት የኤስኤምኤስና የስልክ ጥሪ አገልግሎት።
- ለሁለት ባለሙያዎች የአምስት ቀን ሥልጠና።

ጠቅላላ ወጪው ከመምሪያው ዓመታዊ በጀት 3.2 በመቶ ነው። ዝርዝሩ በተያያዙት ሦስት ፕሮፎርማዎች ላይ አለ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የሚቀረው የመልእክት አገልግሎቱና የቨርቹዋል ማሽኑ ክፍያ ብቻ ነው።

የምንጠብቀውን ውጤት ሳናጋንን እናስቀምጥ። ዲስኩ፣ ሰርተፊኬቱና ማከማቻው ቀድመው ምልክት የሚሰጡ ችግሮች ስለሆኑ ሊከለከሉ ይችሉ ነበር፤ እነሱ ብቻ 775 ደቂቃ ወስደዋል። የቀሩት አራቱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቢታወቁ፣ የጥገናው 90 ደቂቃ ተጨምሮ 110 ደቂቃ ይሆናሉ፤ ይህም ከተፈቀደው በታች ነው። ማስጠንቀቂያው የደረሰው ተረኛ ካልተነሳ ግን መሣሪያው ብቻውን አይጠቅምም። በዚህ ምክንያት የተረኝነት መርሐ ግብር በጽሑፍ እንዲጸድቅ አብረን እንጠይቃለን።

ማስጠንቀቂያ ሲበዛ ሰው መስማት ስለሚያቆም በ25 እንጀምራለን። ሌሊት ስልክ የሚደውሉት አገልግሎት ሲቋረጥ ብቻ ነው፤ ዲስክ 80 በመቶ ሲደርስ ወይም ሰርተፊኬት 30 ቀን ሲቀረው መልእክቱ በሥራ ሰዓት ይመጣል። በጀቱ ከተፈቀደና ሰርቨሩን ከተረከብን፣ ስድስቱን ዋና ሰርቨሮች በመጀመሪያው ሳምንት፣ ቀሪዎቹንና ስዊቾቹን በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ እናስገባለን።

የፕሮፎርማዎቹ ዋጋ የሚጸናው እስከ የካቲት 30 ስለሆነ ውሳኔዎ ከዚያ በፊት እንዲደርሰን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የሲስተምና ኔትወርክ ቡድን መሪ

አባሪ፦ 3 ፕሮፎርማዎች፣ የሰባቱ መቋረጦች የሎግ ቅጂ