ከአራተኛው ገጽ ጀምሪ

ሱሉልታ
ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትዕግሥት፣

ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» የጻፍሽውን ባለ ሰባት ገጽ ድርሰት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያገኘሽው ነጥብ ከ30 13 ነው። ከመነሻው የነገርኩሽ ደብዳቤውን ነጥብ እየፈለግሽ እንዳታነቢው ብዬ ነው። የሰነፍ ተማሪ ሥራ እንዳልሆነ ዐውቃለሁ። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ማንበብሽ ከእያንዳንዱ አንቀጽ ይታያል፤ ይህን ያህል ወፍራም መጽሐፍ ሳይዘል የሚጨርስ ተማሪ ማግኘት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው። በኅዳጉ ላይ አጭር ማስታወሻ ጽፌ ከመመለስ ይልቅ ተቀምጬ የምጽፍልሽም ስለዚህ ነው።

የተሰጠሽ ጥያቄ «ልቦለዱ ወላጆች በልጆቻቸው ሕይወት ላይ ያላቸውን ሥልጣን እንዴት ያቀርበዋል?» የሚል ነበር። አንቺ የመለስሽው «በልቦለዱ ውስጥ ምን ሆነ?» የሚለውን ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ እንዴት እንደተጋቡ፣ በዛብህ እንዳይሞት ተብሎ ለቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደተሳለ፣ ቅኔ እንዴት እንደተማረ፣ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር እንዴት እንደገባ፣ እንዴት እንደተዋደዱ፣ እንዴት እንደሸሸ፣ እሷም የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ፍለጋ እንደወጣች፣ በመጨረሻም መቃብሩን ነግረሽኛል። ቅደም ተከተሉ አልተዛባም። ነገር ግን ስድስት ገጽ ተኩል ካነበብኩ በኋላ አንቺ ስለ ጥያቄው ምን እንደምታስቢ አላወቅኩም ነበር።

አንድ ነገር ቆጠርኩ። «ከዚያም» እና «ከዚያ በኋላ» የሚሉትን ሁሉ በእርሳስ አስምሬባቸዋለሁ፤ ሠላሳ አንድ ናቸው። «ምክንያቱም» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ብቻ ገብቷል። ገና ወረቀቱን ስትከፍቺ ታዪዋለሽ። ድርሰትሽ የሚሄደው ደራሲው በሄደበት መንገድ ነው፤ እሱ ሲዞር ትዞሪያለሽ፣ እሱ ሲያርፍ ታርፊያለሽ። የትንታኔ ጽሑፍ መንገዱን የሚቀይሰው ግን የራስሽ ሐሳብ ነው። ሐሳብሽ ካስፈለገው ከመጽሐፉ መጨረሻ ይነሣል፣ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፣ መቶ ገጽ ይዘላል፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ግማሽ ገጽ ይቆማል።

መተረክን እየነቀፍኩ አይደለም። ትረካ በእኛ አገር ክብር ያለው ሙያ ነው፤ ይህንኑ መጽሐፍ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ስንቱ ሰው ሥራውን አቁሞ እንዳዳመጠው ከወላጆችሽ ጠይቂ። ነገር ግን ተራኪ የሚተርከው ላልሰማ ሰው ነው። አንቺ የምትጽፊው ላነበበ ሰው ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ይህን መጽሐፍ እኔ አንብቤዋለሁ፣ ከአጠገብሽ የሚቀመጡት ተማሪዎችም አንብበውታል። በዛብህ መሞቱን ስትነግሪን አዲስ ነገር አልነገርሽንም። የበዛብህ ሞት ስለ እናቱ ስለት ምን እንደሚል ብትነግሪን ግን መጽሐፉን እንደገና እንድንከፍት ታደርጊናለሽ።

ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ የምገምተው አለኝ። በታችኛው ክፍል «ያነበባችሁትን በአጭሩ ጻፉ» ስትባሉ ኖራችሁ፤ ማንበባችሁን የምታረጋግጡት ታሪኩን በመናገር ነበር። ሌላው ፍርሃት ይመስለኛል። የራስሽን አስተያየት ብትጽፊ «ተሳስተሻል» እባላለሁ ብለሽ፣ ታሪኩ ግን ስሕተት ሊሆን ስለማይችል፣ እዚያ ተጠለልሽ። በክፍል ውስጥ ስትናገሪ ሰምቼሻለሁ። ጉዱ ካሣን ዕብድ ያለውን ልጅ «ማን ነው ዕብድ ያለው?» ብለሽ የጠየቅሽው አንቺ ነሽ። ያ ጥያቄ በድርሰትሽ ውስጥ የለም። ጉዱ ካሣ እዚያ የገባው መልእክት እንደሚያደርስ ሰው ሆኖ ብቻ ነው፤ በጣም አዘንኩ።

አሁን ወደ አራተኛው ገጽ ሂጂ። ከታች ሦስተኛው መስመር ላይ እንዲህ ብለሻል፦

«እናቱ የሳለችው ስለጠላችው ሳይሆን እንዳይሞትባት ስለፈራች ነው፤ እሱ ግን በዚህ ምክንያት እንደ ሰው መኖር አልቻለም።»

ቀጥሎ «ከዚያም በዛብህ ወደ ዲማ ሄደ» ብለሽ አለፍሽ። በቀይ ያከበብኩት ይህን ዓረፍተ ነገር ነው፤ ስሕተት ስላለበት አይደለም። በሰባት ገጽ ውስጥ የአንቺ የሆነው እሱ ብቻ ነው። ያዳነው ስለት ያሰረውም ስለት መሆኑን አይተሻል። ያየሽውን ግን መንገድ ላይ ጥለሽው ሄድሽ።

እስቲ አብረን እናንሣው። እንደ ሳለችው ከተናገርሽ በኋላ በዚያው በመጽሐፉ ውስጥ ሌላ ወላጅ ፈልጊ። ፊታውራሪ መሸሻ አሉ። ልጃቸውን ለጠየቀ ሁሉ «እኩያችን አይደለም» እያሉ የሰብለ ወንጌልን ዕድሜ አሳለፉት። ውድነሽና ፊታውራሪ መሸሻ በምንም አይገናኙም፤ እሷ ደኻ ናት፣ እሳቸው ባላባት ናቸው። እሷን ያስገደዳት ፍርሃት ነው፤ እሳቸውን የነዳቸው ኩራት ነው። ልጆቹ ጋ ሲደርስ ግን ልዩነቱ ይጠፋል፤ ሁለቱም ሳይጠየቁ ሕይወታቸው ተወስኖ ጠበቃቸው። ታዲያ ደራሲው የሚነቅፈው ባላባትን ብቻ ነው? ባላባትን ብቻ ቢሆን ኖሮ የበዛብህን እናት እንዲህ እንድናዝንላት አድርጎ ለምን ጻፋት? የሚወድ እጅም እንደሚያስር ሊያሳየን ፈልጎ ይሆን? እዚህ ላይ የእኔ መልስ አለ፤ አልነግርሽም። የአንቺን ነው የምፈልገው፤ ከእኔ ጋር ባይስማማም።

ልዩነቱ በጽሑፍ ምን እንደሚመስል እንድታዪ ከራስሽ ድርሰት አንድ አንቀጽ ልውሰድ። እንዲህ ጽፈሻል፦

«ፊታውራሪ መሸሻ ሰብለ ወንጌልን ለማግባት የመጡትን ሰዎች አልተቀበሉም። ከዚያ በኋላ ሰብለ ወንጌል ዕድሜዋ ሄደ። ከዚያም በዛብህ ሊያስተምራት መጣ። ከዚያም እየተዋደዱ ሄዱ።»

ይኸው ነገር ለሐሳብ ሲታዘዝ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ለማንም ያልሰጧት ከሁሉም በላይ ስላደረጓት ነው። ይህ ክብር ግን ብቻዋን አስቀራት። በዛብህ ወደዚያ ቤት የገባው በአስተማሪነት እንጂ በጠያቂነት አይደለም፤ በአባትየው ዐይን ከጠያቂዎች ቁጥር ስለማይገባ ማንም አልተጠነቀቀውም። ፍቅሩ የገባው ኩራት መዝጋት ባላስፈለገው በር ነው።»

ድርጊቶቹ ያው ናቸው፤ የጨመርኩት ድርጊት የለም። «ከዚያ» የሚለውን ቃል ግን አልፈለግኩትም፤ ዓረፍተ ነገሮቹን የሚያያይዛቸው ምክንያት ነው። ይህን አንቀጽ ገልብጠሽ እንዳትጠቀሚበት። የእኔ ነው፤ በዚያ ላይ ያለ ማስረጃ የቆመ ነው። አንቺ ስትጽፊ ጠያቂዎች የተመለሱበትን ክፍል ከመጽሐፉ ቃል በቃል ጠቅሰሽ፣ ገጹን ጽፈሽ፣ ከተጠቀሰው ውስጥ የትኛው ቃል ሐሳብሽን እንደሚደግፍ ማሳየት አለብሽ። በድርሰትሽ ውስጥ አንድም ጥቅስ የለም። የመጽሐፉ ቋንቋ እንዲህ የበለጸገ ሆኖ የደራሲውን አንድ ቃል ሳትጠቅሺ መጨረስሽ አስገርሞኛል።

ሁሉንም ለመያዝ አትሞክሪ። ሦስት ትዕይንት ይበቃሻል፤ ሁለትም ይበቃል። ስለ ገበሬዎቹ ዐመፅና ስለ አበጀ በለው የጻፍሽውን አንድ ገጽ ሙሉ አውጪው፤ ወይም ካቆየሽው የልጅ አባት የሆኑት ፊታውራሪ የገበሬም አባት ነኝ ብለው ሲነሡ ሥልጣናቸው እንዴት እንደሚፈተን አሳዪበት። እንዲሁ ስለተፈጸመ ብቻ አይግባ። የደራሲውን የሕይወት ታሪክ የያዘውን የመግቢያ አንቀጽም አውጪ፤ ለጥያቄው የሚያገለግል ነገር የለውም።

ጉዱ ካሣን ግን መልሺው። በክፍል ውስጥ ያነሣሽው ጥያቄ ለዚህ ድርሰት በቀጥታ ያስፈልግሻል። ስሙ ካሣ ነው፤ «ጉዱ» ያለው ሌላ ሰው ነው። የወላጆችን ሥልጣን ፊት ለፊት የሚጠይቀው እሱ ነው፤ ይህን የሚጠይቀውን ሰው ደግሞ አገሩ ከጤነኛ አይቆጥረውም። «ጉዱ» የምትለዋን ቃል ከስሙ ብታወጪያት ከመጽሐፉ ምን ይጎድላል? ይህን በወረቀት ላይ ሞክሪው።

ሌላ የማሳስብሽ ነገር አለ፤ ከነጥብ ጋር አይገናኝም። ከመማሪያ ክፍላችን መስኮት በየቀኑ ወደ ጎጃም የሚሄዱ አውቶቡሶች ሲያልፉ እናያለን። ጫንጮን፣ ፍቼን አልፈው፣ ዓባይን ተሻግረው ደጀን ይደርሳሉ። ሰብለ ወንጌል ከወላጆቿ ቤት ስትወጣ በእግሯ ነው፤ ደግሞም እንደ ሴት ልጅ ሆና መሄድ ስላልቻለች እንደ መነኩሴ ሆና ነው የሄደችው። ለበዛብህ እስር የሆነውን የምንኩስና ልብስ እሷ ለነጻነት ለበሰችው። አውቶቡሶቹን እያየሁ ይህን ሳስብ ከርሜያለሁ። አንቺ በድርሰትሽ «የመነኩሴ ልብስ ለበሰች» ብለሽ በሦስት ቃል አልፈሽዋል። እዚያ ጋ ቆዪ ብዬ ልጮኽብሽ ነበር።

ድርሰቱን እንደገና ጽፈሽ እንድታመጪ ፈቅጃለሁ፤ እስከ ግንቦት 28 ቀን ድረስ። ከአራት ገጽ አይብለጥ። የመጀመሪያው አንቀጽ ሐሳብሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር፤ ከአራተኛው ገጽ ካከበብኩልሽ ዓረፍተ ነገር ብትነሺ ጥሩ ነው፤ የተሻለ ካገኘሽ የተሻለውን ውሰጂ። ጽፈሽ ስትጨርሺ እያንዳንዱን አንቀጽ እያነበብሽ «ይህን መጽሐፉን ያነበበ ሰው ያውቀዋል?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ «አዎ» ከሆነ አንቀጹ ገና ሥራውን አልጀመረም። አዲሱ ሥራ የሚያገኘው ነጥብ የድሮውን ሙሉ በሙሉ ይተካል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ቢሮ ውስጥ ነኝ። መጽሐፉን ይዘሽ ነይ፤ ውድነሽ ልጇን የምትሳልበትን ክፍል አብረን እናነበዋለን፤ ጮክ ብለሽ የምታነቢልኝ አንቺ ነሽ።

የሥነ ጽሑፍ መምህርሽ