«ኧረ ይሄንንስ አልወሰድኩም!» እስከ መቼ?

ወሩ አልቆ ደንበኛዎ ዱቤውን ሊዘጋ መጥቷል። ደብተሩን ገልጠው ዘይት፣ ስኳር እያሉ ሳሙናው ላይ ሲደርሱ «ኧረ ይሄንንስ አልወሰድኩም» ይላል። የጻፈው ሱቅ የሚያግዝዎት ልጅ ነው፤ ቀን የለውም፣ ገጹንም ዘይት ነክቶታል። እንዳይከራከሩ ጎረቤት ነው፣ እንዳይተዉት ገንዘብ ነው።

«ዱቤዬ» የተባለው የስልክ መተግበሪያ የተሠራው ይህን ክርክር ለማስቀረት ነው። የደንበኛውን ስም ነክተው ዕቃውንና ዋጋውን ሲያስገቡ መልእክቱ ተጽፎ ይቀርብልዎታል። «ላክ» ይበሉት። ደንበኛው ከሱቁ ሳይወጣ ስልኩ ላይ ይህን ያነባል፦

«ጥር 12፦ ስኳር 2 ኪሎ፣ ሳሙና 3 ፍሬ፣ 395 ብር። ጠቅላላ ዱቤ 1,640 ብር።»

ስህተት ካለ እዚያው ቆሞ ይናገራል፣ እዚያው ይታረማል። ወር ሲያልቅ ሒሳቡ በእርስዎም በእሱም ስልክ አንድ ነው።

የሚሄደው ተራ ኤስኤምኤስ ስለሆነ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ደንበኛው ባለ ቁልፍ ስልክ ቢይዝም ይደርሰዋል። ሒሳቡ የሚቆረጠው ከእርስዎ ሲም ነውና የመልእክት ጥቅል ይግዙ። ሁለት ሲም ካለዎት ጥቅል ያለበትን ይምረጡ። በአማርኛ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፣ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት ይታሰባል። ዕቃው ሲበዛ «ድምር ብቻ» የሚለውን ይንኩ፤ ዝርዝሩ እርስዎ ጋ ይቀራል።

የክምችት ቆጠራና የትርፍ ስሌት ሆን ብለን አላስገባንም። ወረፋ ቆሞ እያለ ማን ይሞላዋል?

ሲጀምሩ የድሮውን ደብተር አይገልብጡ፤ ብዙ ሰው የሚሰለቸው እዚያ ላይ ነው። የእያንዳንዱን ሰው ቀሪ ዕዳ ብቻ ያስገቡ፣ ደብተሩን ግን እስኪዘጋ አይጣሉት። ሦስት ፋጡማ ካሉ «ፋጡማ ብሎክ 14» ብለው ይለዩ፤ አለዚያ የአንዷ ዱቤ ለሌላዋ ይላካል፣ ጠቡም ከበፊቱ ይብሳል።

ሙከራው 30 ቀን በነፃ ነው። 7 ቀን ያላደረግነው አንድ ወር እስኪዘጋ ካላዩት ጥቅሙ ስለማይታወቅ ነው። ካርድም ሆነ የባንክ ቁጥር አንጠይቅም፣ በራሱ የሚቆረጥ ክፍያም የለም። ከ30 ቀን በኋላ መቀጠል ከፈለጉ በወር 120 ብር በቴሌብር ይከፍላሉ። ካልፈለጉ አዲስ ዱቤ መመዝገብ ይቆማል እንጂ የመዘገቡት አይጠፋም፤ እያዩ ይሰበስባሉ።

ፕሌይ ስቶር ገብተው «ዱቤዬ» ብለው ይፈልጉ፣ ያውርዱት፤ ዛሬ ማታ ሱቅ ሳይዘጉ አምስት ደንበኛ ያስገቡ።