ሦስት የጫማ ክር

ወንድምዬ፣ እንኳን ተወለድክልኝ!

ዛሬ 40 ዓመት ሞላህ። ከጠዋት ጀምሮ ስልክህ ሲጮህ እንደሚውል አውቃለሁ። ጓደኞችህም፣ የሥራ ባልደረቦችህም ስለ ደግነትህ ይጽፉልሃል። ልክ ናቸው። እኔ ግን በደፈናው «ደግ ነህ» ብዬህ ማለፍ አልፈልግም። ስለ አንድ ቀን ልጽፍልህ ነው። ስለ አንድ ቀን ብቻ። ቀኑን አንተም ታስታውሰዋለህ፤ ግን ስታስታውሰው ሁሌ ተሳስተህ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ሳላርምህ መቆየቴ ይቆጨኛል።

እማዬ ሳሎን የተሰቀለውን የክፍል ፎቶዬን ታውቀዋለህ። 7 ዓመቴ ነበር። ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ከግራ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ጸጉሬ ለሁለት ተከፍሎ ተጎንጉኗል። መስመሩ ከግንባሬ ቀጥ ብሎ ይነሳና አናቴ ላይ ሲደርስ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። የግራው ጉንጉን ወፍራም ነው፣ የቀኙ ቀጭን። አንዱ ከጆሮዬ በላይ ይጀምራል፣ ሌላው ከጆሮዬ በታች። እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌያለሁ።

የዚያ ፎቶ ነገር በተነሳ ቁጥር ፊትህ ይለወጣል። «ይቅርታ እህቴ፣ ያን ቀን አበላሸሁሽ» ትለኛለህ። ባለፈው ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ እያለ እንኳን ደገምከው። ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን ከፋኝ። ከልብህ ይቅርታ የምትለኝ ከልጅነቴ ሁሉ አብልጬ ስለምወደው ቀን ነዋ!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

እሁድ ማታ ነበር። እማዬ ጸጉሬን እየፈታች ነበር፤ ታጥቦ እንደገና ሊሠራ። የቀኙን ጎን ፈትታ ጨርሳ ወደ ግራው ልትዞር ስትል ስልክ ተደወለ። አያታችን ታመው ሆስፒታል ገብተዋል ተባለ። እማዬ ማበጠሪያውን ጠረጴዛው ላይ ጥላ፣ ነጠላዋን ይዛ ሮጠች። አባዬ የሌሊት ተረኛ ነበር። ቤት ውስጥ አንተና እኔ ቀረን። አንተ 12 ዓመትህ ነበር።

ልንተኛ ስንል ነው ትዝ ያለኝ። በማግስቱ የክፍል ፎቶ ነበረን። መምህራችን «ጸጉራችሁን ተሠርታችሁ፣ ጸዳ ብላችሁ ኑ» ብላናለች። የእኔ ጸጉር ግን ግማሹ ተፈትቶ ቆሟል፣ ግማሹ እንደተሠራ ነው። መስታወት ፊት ቆሜ ሳየው እንባዬ መጣ። አንተ ከኋላዬ መጥተህ አየኸኝ። ትንሽ ዝም አልክ። ከዚያ፣

«እኔ እሠራልሻለሁ። አሁን ተኚ» አልከኝ።

«ትችላለህ?»

«አዎ፣ እችላለሁ።»

አትችልም ነበር። በሕይወትህ አንድም ቀን የሰው ጸጉር ነክተህ አታውቅም። እኔ ግን አመንኩህ፤ ሄጄም ተኛሁ።

አሁን የምነግርህን ግን አንተ አታውቀውም። ሌሊት ላይ ውኃ ጠምቶኝ ነቃሁ። ሳሎን መብራት በርቷል። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር በስንጥቁ አየሁህ። መሬት ላይ ቁጭ ብለህ፣ ፊትህን ወደ ወንበር እግር አዙረህ፣ በሁለት እጅህ የሆነ ነገር ትሠራለህ። ምላስህ በከንፈርህ ጥግ ወጣ ብሏል፤ ከባድ ሒሳብ ስትሠራ እንደምታደርገው። አንዴ «ኤጭ!» ብለህ ሁሉንም ፈታህና እንደገና ጀመርክ። ምን እየሠራህ እንደሆነ አልገባኝም። ውኃውንም ሳልጠጣ ተመልሼ ተኛሁ። ለምን እንዳልጠራሁህ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብጠራህ የምታቆም መስሎኝ ይመስለኛል።

ጠዋት ገና ሳይነጋ ቀሰቀስከኝ። ወንበሩ ፊት መሬት ላይ አስቀመጥከኝና ከኋላዬ ተንበረከክ። ቅባቱን መዳፍህ ላይ አሽተህ ጸጉሬን ቀባኸኝ። ቅባቱ በዛ፤ በአንገቴ ወረደ። አንተ በሸሚዝህ እጅጌ ጠረግከው። ማበጠር ስትጀምር ከሥር ሳይሆን ከጫፍ ጀመርክ። እማዬ እንደዚያ ስታደርግ ቆመህ አይተሃት ኖሯል ማለት ነው። ትንሽ በሳብከው ቁጥር እጅህን ታቆምና «አመመሽ?» ትለኛለህ። አላመመኝም። የእማዬ እጅ ያን ያህል አይለሰልስም፤ እውነቴን ነው የምልህ።

ያኔ ነው ያየሁት። ዓይኔ ፊት፣ ወንበሩ እግር ላይ፣ የተጎነጎነ ነገር ተንጠልጥሏል። የጫማ ክር! ሁለቱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ። ጥቁሮቹ የትምህርት ቤት ጫማህ ክሮች ነበሩ። ነጩን ከየት እንዳመጣኸው አላውቅም፤ አልጋ ሥር ከነበረው አሮጌ የኳስ ጫማህ ይመስለኛል። ዓይኔን ከላይ ጀምሬ ወደ ታች አወረድኩት። ከላይ የተዝረከረከ ነው። ነጩ አንድ ቦታ ሁለቴ ተከታትሎ ይወጣል፣ ሌላ ቦታ ጨርሶ ይጠፋል። ወደ መሃል ሲወርድ ይሻሻላል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ግን ነጭ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፤ አንድም ስህተት የለውም። ሌሊቱን ሙሉ የተማርከውን ትምህርት በዓይኔ አነበብኩት።

ሠርተህ ስትጨርስ መስታወቱን አምጥተህ ሰጠኸኝ። ያኔ አለቀስኩ። አንተ «አላማረም አይደል?» ብለህ ፊትህ ወደቀ። ይሄው እስከ ዛሬ ያለቀስኩት ጸጉሬ ስላላማረ ይመስልሃል።

ወንድሜ፣ ጸጉሬን አላየሁትም እኮ። መስታወቱን የያዝኩት እንዲሁ ነው። እኔ የማየው ክሮቹን ነበር። የ7 ዓመት ልጅ ያንን በቃል ማስረዳት አትችልም። የገባኝ ነገር አንድ ብቻ ነው፦ እኔ ተኝቼ ሳለሁ፣ አንድ ሰው ስለ እኔ ብሎ ሳይተኛ አድሯል። ያለቀስኩት ለዚያ ነው። በቃ።

ቀጥሎ ያለውን ደግሞ እኔም የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው።

ክሮቹን ልትፈታ ሞከርክ። ቋጠሮው እንቢ አለ። በጥርስህ ሞከርክ፣ በሹካ ጫፍ ሞከርክ። ሰዓቱ ሄደ። በመጨረሻ «ተይው፣ እንሂድ» ብለህ እግርህን ያለ ክር ጫማህ ውስጥ ከተትክ። መንገድ ላይ ሁልጊዜ ከፊቴ ትሄድ ነበር፤ እየዞርክ «ቶሎ በይ እንጂ!» ትለኛለህ። ያን ቀን ግን ከጎኔ ሄድክ። ቀስ ብለህ፣ እግርህን ሳታነሳ፣ መሬቱን እየጠረግክ። ጫማህ ከተረከዝህ እየወጣ ቷ፣ ቷ ይላል። እኔ ጸጉሬ እንዳይፈታ ብለህ ቀስ ያልክ መስሎኝ ደስ አለኝ። እንዲያውም እኔም ቀስ አልኩ።

እረፍት ላይ ልጆቹ ኳስ ሲጫወቱ አንተ አጥሩ ጋ ቁጭ ብለህ ነበር። ሁለት እግርህን ገጥመህ፣ ቦርሳህን ጫማህ ላይ አስደግፈህ። «ና እንጂ!» ብለው ሲጠሩህ በእጅህ «ተዉኝ» አልካቸው። ኳስ ጠልተህ አታውቅም። እንቅልፍ አጥቶ ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩት።

ከስንት ዓመት በኋላ መሰለህ የገባኝ? ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ስቸኩል የጫማዬ ክር ተበጠሰ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ የተበጠሰውን ክር እያየሁ፣ በድንገት አጥሩ ጋ የተቀመጥክበት ቀን ፊቴ ላይ መጣ። ቦርሳህ። ጫማህ። ሰው እንዳያይብህ ነበር! ያን ቀን ለሥራ አረፈድኩ። ደረጃው ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

የአንገቴን ነገርም ልንገርህ። ፎቶው ላይ አንገቴን የደፋሁት አፍሬ ይመስልሃል፤ ስታየው ከንፈርህን ስትመጥ አይቼሃለሁ። ፎቶ አንሺው «ቀና በሉ!» እያለ ነበር። ሁሉም ቀና አለ። እኔ ደፋ አልኩ። ቀና ካልኩ መስመሩ አይታይም። ሁለቱ ጉንጉኖች ከትከሻዬ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ እንዲታዩ ፈልጌያለሁ። ወንድሜ የሠራልኝ ነው፤ ፎቶው ላይ መግባት አለበት ብዬ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆነህልኛል። የትምህርቴን ወጪ የከፈልክበት ጊዜ አለ፣ ሆስፒታል በር ላይ ያደርክበት ሌሊት አለ። እነሱን ዛሬ አልዘረዝርም። ስለ እነሱ ሳመሰግንህ ኖሬያለሁ። ስለዚያ እሁድ ሌሊት ግን አንድም ቀን አመሰግንሃለሁ ብዬህ አላውቅም። 28 ዓመት አለፈው።

አመሰግንሃለሁ፣ ወንድምዬ። ሌሊቱን ሙሉ መሬት ላይ ስለተቀመጥክልኝ። የማትችለውን «እችላለሁ» ብለህ እስኪነጋ ስለቻልከው። «አመመሽ?» ስላልከኝ። ስለዚያ ቷ፣ ቷ ስለሚለው መንገድ።

ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ አብቅተህ የምታይ ያድርግህ። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፦ ያን ፎቶ ስታይ ይቅርታ አትበለኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ትንሽ ፖስታ ይደርስሃል። ውስጡ ሦስት የጫማ ክር አለ። ሁለቱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ። ትናንት ማታ ወንበር እግር ላይ አስሬ እኔው ጎነጎንኳቸው። ቋጠሮውን አላጠበቅኩትም፤ በጣትህ ሳብ ስታደርገው ይፈታልሃል።

የምትወድህ እህትህ