የሳምንት ሥራ ግምገማ፦ ከህዳር 22 እስከ 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

የብቅል ገብስ አሰባሰብ፣ ባሶና ወራና ወረዳ
ለሥራ አመራር ኮሚቴው

ግምገማው እንደወትሮው ዓርብ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ተሠራ። መጀመሪያ የገቢ ደረሰኝና የመጋዘን መዝገብ ተመሳከሩ፤ ቀጥሎ ማስታወሻ ደብተርና የስልክ መልእክት ታየ። የዕቅድ ወሬ የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው፤ መዝገቡ ሳይታይ የሚወጣ ዕቅድ ያለቀውን ሥራ እንደገና ያቅዳል።

የተጠናቀቀ

ከ31 አባላት 186 ኩንታል ገብቷል። ከውሉ 400 ኩንታል የሚቀረው 214 ነው። ሁሉም ጆንያ ከግድግዳ ተርቆ ርብራብ ላይ ተደርድሯል፤ ዝርያ ከዝርያ አልተቀላቀለም። ለ24 አባላት ተከፍሏል።

ርጥበቱ 15 በመቶ የሆነ 9 ኩንታል ተመልሷል፤ የውላችን ጣሪያ 13 ነው። እህሉ አውድማ ላይ ሳይሸፈን አድሮ ጤዛ ጠጥቷል። እንዲህ ያለው ከደረቁ ጋር ቢከመር ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ የመብቀል አቅሙም ይሞታል። ባለቤቶቹ አስጥተው እንዲመልሱት ተነግሯቸዋል።

ያልተዘጋ

ዋናው የብቅለት ፍተሻው ነው። ከ100 ፍሬ የበቀለው 88 ብቻ ሲሆን ገዢው የሚፈልገው ከ95 በላይ ነው። እህሉ ተበላሽቷል ለማለት ግን ገና ነው። አዲስ የታጨደ ገብስ ለተወሰኑ ሳምንታት እንቅልፍ ላይ ስለሚሆን ጤነኛውም ፍሬ ላይበቅል ይችላል። በዚያ ላይ ለፍተሻው ፍሬው የተቀመጠበት ጨርቅ ውሃ አቁሮ ነበር፤ ፍሬው አየር ካጣ አይበቅልም። ስለዚህ ውጤቱ ለገዢው አልተላከም። ኃላፊው የመጋዘን ሠራተኛው ነው።

የ7 አባላት ክፍያ ቆሟል፤ በደረሰኙና በባንክ ደብተሩ ላይ ያለው የአያት ስም አልገጠመም። ገንዘብ ያዡ ይዞታል።

የጭነት መኪና ዋጋ ከሁለት ባለንብረቶች ተጠይቆ ምላሽ አልመጣም። ሦስተኛ ሳምንቱ ስለሆነ ከእንግዲህ በይደር አይታለፍም፤ ሊቀመንበሩ ማክሰኞ ደውለው ይወስኑ፣ ካልሆነ ገዢው በራሱ መኪና እንዲያነሳ ይጠየቅ።

የሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ግቦች

1. የብቅለት ፍተሻውን መድገም። ከተለያዩ ጆንያዎች ናሙና ተወስዶ፣ እያንዳንዱ 100 ፍሬ የሆነ ሦስት ምድብ ሰኞ ጠዋት ይዘጋጃል፤ ጨርቁ ይርጠብ እንጂ ሲጨመቅ ውሃ አያንጠባጥብ። ሐሙስ ታኅሣሥ 2 ጠዋት ይቆጠራል። አማካዩ ከ88 ከፍ ካለ የመጀመሪያውን ውጤት ያወረደው እንቅልፉ ወይም የጨርቁ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ ባለበት ከቆመ ኮሚቴው ያን ዕለት ይሰብሰብ።

2. 90 ኩንታል መረከብ። ሰኞ በዓለ ወልድ፣ ዓርብ በዓታ ስለሆኑ አባላት እህል አያመጡም። ርክክቡ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ በቀን 30 ኩንታል ይሆናል። ጤዛው እስኪነሳ ድረስ፣ ማለትም ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት፣ ሚዛን አይከፈት።

3. የ7ቱን አባላት ክፍያ እስከ ሐሙስ መጨረስ። ደረሰኙ አይሰረዝ፤ አባሉ መታወቂያና የባንክ ደብተር ይዞ ይምጣ፣ ማስተካከያው በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ክፍያ የዘገየበት አባል ቀሪ ምርቱን ለነጋዴ ስለሚሸጥ ይህ ግብ ካልተሳካ ሁለተኛውም ይጎዳል።

የሚቀጥለው ግምገማ፦ ዓርብ በዓታ ስለሆነ ሐሙስ ታኅሣሥ 2፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ከርክክብ በኋላ።

የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ