አስቸኳይ ማስታወቂያ፦ የነገው ቅዳሜ ጠቅላላ ጉባኤ ስለማይካሄድ ማንም አባል ጉዞ እንዳይጀምር

ለቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራችን አባላት በሙሉ
በድሬዳዋ፣ በሐረር፣ በሐረማያ፣ በአወዳይ፣ በባቢሌ፣ በጅግጅጋና በአዲስ አበባ

ነገ ቅዳሜ ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ላይ በድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ባለው አዳራሽ ሊካሄድ የነበረው የማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ተሰርዟል። ስለዚህ ዛሬ ማታም ሆነ ነገ ንጋት ላይ ማንም አባል ለዚህ ስብሰባ ብሎ ከቤቱ እንዳይወጣ እናሳስባለን። ጉባኤው የሚካሄደው ቅዳሜ ታኅሣሥ 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ጀምሮ ሲሆን፣ ቦታውም ሳቢያን ሳይሆን ከዚራ፣ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አጠገብ ያለው የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ስልካችሁ በፈረንጆች አቆጣጠር የሚሠራ አባላት ቀኑን ጃንዋሪ 3 ቀን 2026፣ ሰዓቱንም ጠዋት 9፡00 ብላችሁ መዝግቡት።

ጉባኤው የተሰረዘው ዛሬ ዓርብ ከቀኑ 10፡00 ሰዓት ገደማ በአዳራሹ የመብራት መሥመር ላይ በተፈጠረ ኮንታክት የቆጣሪው ሳጥንና ከጣሪያው ሥር ያለው ሽቦ በመቃጠሉ ነው። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። ሆኖም መሥመሩን ያየው ባለሙያ ሽቦው ሙሉ በሙሉ ሳይቀየር ሰው ወደ ውስጥ መግባት እንደሌለበት ስለገለጸ፣ የሥራ አመራር ቦርዱ ዛሬ ከምሽቱ 12፡30 ሰዓት ላይ በአስቸኳይ ተገናኝቶ ስብሰባውን ለመሰረዝ ወስኗል። ይህ ውሳኔ እንደማይለወጥ ሁሉም አባል እንዲያውቀው እንፈልጋለን። ሌሊት መብራት ቢመጣ፣ ጥገናው ቶሎ ተጠናቀቀ ቢባል ወይም አንድ ሰው ደውሎ «ለማንኛውም ብንመጣ ይሻላል» ቢላችሁ እንኳ ነገ ስብሰባ የለም። የቀደመው የጥሪ ወረቀት በስልካችሁ ላይ ካለ አጥፉት፤ ለሌላ ሰውም አታስተላልፉት።

አዲሱ ቀን ለምን ሁለት ሳምንት እንደራቀ የሚጠይቁ አባላት እንደሚኖሩ እንገምታለን። በነጋታው እሑድ እንዳይሆን አዳራሽ አልተገኘም፤ በአንድ ሌሊት መልእክቱ ለሁሉም ይደርሳል የሚል እምነትም አልነበረንም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ታኅሣሥ 18 ደግሞ የቁልቢ ገብርኤል ዋዜማ ነው። በእነዚያ ቀናት የደንገጎ መንገድ በምእመናን መኪናዎች እንደሚጨናነቅ፣ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው ሚኒባስም እንደ ልብ እንደማይገኝ የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያም በላይ ከአባላቶቻችን ብዙዎቹ ራሳቸው ተሳላሚዎች ስለሆኑ፣ በዚያ ቀን ብንሰበሰብ በመተዳደሪያ ደንባችን የተደነገገውን ከግማሽ በላይ አባላት የመገኘት ግዴታ ማሟላት አንችልም ነበር። ታኅሣሥ 25 ከንግሡ በኋላ፣ ታኅሣሥ 29 ከሚውለው የገና በዓል ግን በፊት በመሆኑ የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል።

በጣም የሚያሳስቡን አስቀድመው የተነሡ አባላት ናቸው። ከጅግጅጋና ከባቢሌ ዛሬ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተነሥታችሁ ሐረር ለማደር ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ አትውረዱ፤ ለሐረር ቡድን አስተባባሪ ደውላችሁ ያላችሁበትን ንገሩት። የአንድ ሌሊት የአልጋና የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ወጪያችሁን ማኅበሩ በደረሰኝ ይተካል። ደረሰኝ በማይሰጥ መኪና የተሳፈራችሁ እንደሆነ የአስተባባሪው ፊርማ ይበቃል፤ ሚኒባስ ረዳት ደረሰኝ እንዲሰጥ መጠበቅ ተገቢ አይደለምና። ድሬዳዋ ገብታችሁ ያደራችሁ አባላት ደግሞ ነገ ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 5፡00 ሰዓት ድረስ ወደ ሳቢያን ሳይሆን በቀጥታ ከዚራ ወደሚገኘው ጽሕፈት ቤት ብትመጡ ሒሳብ ሹሟ ወጪያችሁን ወዲያውኑ ትከፍላለች። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወይም በባቡር ለመምጣት ትኬት የቆረጣችሁ ጥቂት አባላት ዛሬውኑ ቀኑን ለማስቀየር ሞክሩ፤ ለቅያሪው የምትከፍሉት ተጨማሪ ገንዘብ ካለ በማኅበሩ ይሸፈናል።

በሐረር በዕድሜ ለገፉ አባቶችና እናቶች ተከራይተውላቸው የነበሩት ሁለት ሚኒባሶች ነገ አይንቀሳቀሱም። ለሹፌሮቹ ተነግሯቸዋል፤ የተከፈለው ቀብድም ለታኅሣሥ 25 ተዛውሯል። በዚያን ቀን እንደ ቀድሞው ዕቅድ ከጠዋቱ 12፡30 ሰዓት ላይ ከሐረር መናኸሪያ በር ይነሣሉ። ለነገ ምሳ ታዝዞ የነበረው እንጀራ በከፊል ስለተጋገረ፣ የተጋገረው በከተማችን ላሉ አረጋውያን መጠለያ ይሰጣል፤ ለአዲሱ ቀን የጾም ምሳ እንደገና ይታዘዛል።

የተሰረዘው ስብሰባው ብቻ መሆኑን አባላት እንዲረዱልን እንፈልጋለን። ጽሕፈት ቤቱ ሰኞ ታኅሣሥ 13 እንደወትሮው ይከፈታል፤ ቁጠባ ማስገባት፣ ብድር መጠየቅና የብድር ክፍያ መፈጸም ይቻላል። የተቋረጠ አገልግሎት የለም። የሚዘገየው የትርፍ ክፍፍሉ ነው፤ ክፍፍሉ ሊፈጸም የሚችለው ጉባኤው የኦዲት ሪፖርቱን ካጸደቀው በኋላ ስለሆነ፣ ክፍያው ሰኞ ሊጀመር የነበረው ቀርቶ ጉባኤው ካጸደቀው ሰኞ ታኅሣሥ 27 ይጀመራል። ይህ ገንዘብ ለበዓል ወጪ የታሰበላቸው አባላት እንዳሉ ስለምናውቅ፣ ከገና በፊት ባሉት ሁለት ቀናት የክፍያ መስኮቱ እስከ ምሽቱ 12፡00 ሰዓት ክፍት እንዲሆን ተወስኗል።

አጀንዳውም ሆነ ቀደም ብሎ የታደለው ሰነድ አልተለወጠም፤ በእጃችሁ ያለውን ይዛችሁ ኑ። ለነገው ስብሰባ የተሰጡ የውክልና ወረቀቶች ለታኅሣሥ 25 እንዲያገለግሉ ቦርዱ ወስኗል። ተወካዩን መቀየር ወይም ራሱ መገኘት የሚፈልግ አባል እስከ ሐሙስ ታኅሣሥ 23 ድረስ ለጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ያሳውቅ። የአዲሱ አዳራሽ ምዝገባ በ2፡30 ሰዓት ይጀመራል። አዳራሹ ሰፋፊ መስኮቶች ስላሉት መብራት ቢጠፋም ስብሰባው አይቋረጥም፤ ድምፅ ማጉያው በባትሪ የሚሠራ ይሆናል።

የቡድን አስተባባሪዎች ይህ መልእክት እንደደረሳችሁ «ደርሶኛል» ብላችሁ መልሱ፤ ከዚያም በዝርዝራችሁ ውስጥ ላለ እያንዳንዱ አባል ዛሬ እስከ ምሽቱ 4፡00 ሰዓት ድረስ ደውሉ። መልእክት መላክ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ስልካቸው ላይ ጽሑፍ የማያነቡ ወይም ማታ ስልካቸውን የሚዘጉ አባላት አሉንና። ስልኩ የማይነሣ ሰው ካለ ለልጁ ወይም ለጎረቤቱ ንገሩ፣ ስሙንም ለጽሕፈት ቤቱ ላኩ። የዚህ ማስታወቂያ ፍሬ ነገር በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ በድምፅ ተቀርጾ ከዚህ ጋር ተልኳል። መልእክቱ ሳይደርሰው የሚነሣ አባል ቢኖር እንዲመለስ፣ ነገ ከንጋቱ 11፡30 ሰዓት ጀምሮ አንድ የቦርድ አባል በሐረር መናኸሪያ፣ አንዱ በአወዳይ የመኪና መሳፈሪያ ይቆማሉ፤ በሳቢያኑ አዳራሽ በር ላይም እስከ ረፋዱ 5፡00 ሰዓት ድረስ ሰው ይኖራል።

ለደረሰው መጉላላት ቦርዱ አባላትን ከልብ ይቅርታ ይጠይቃል።

የሥራ አመራር ቦርዱ ጸሐፊ
ድሬዳዋ፣ ዓርብ ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 1፡30 ሰዓት