የወጥ ቤታችን የምግብ ደህንነት ዕቅድና የሙቀት መዝገብ

ይህ ዕቅድ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ላለው ወጥ ቤታችን ነው። በሥራ ቀን ለ90 ሰው ገደማ ምሳ አብስለን ቢሮ ድረስ እናደርሳለን። ትልቁ ሥጋታችን እሳቱ ላይ ያለው ድስት አይደለም፤ ከእሳት ከወረደ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ጀርም በፍጥነት ይራባል።

ርክክብ፦ የቄራ ማህተም የሌለው ሥጋ አንቀበልም። ፍሪጅ 5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይሁን። ጥሬ ሥጋ ታች፣ የበሰለ ላይ ይቀመጣል። መብራት ከጠፋ በሩ አይከፈት። ከ4 ሰዓት በላይ ከቆየ ሥጋውና አይቡ ይለካሉ፤ ከ5 ዲግሪ ካለፉ ይጣላሉ።

ወሳኝ ነጥብ 1፣ ማብሰል፦ ዶሮ በወፍራሙ ሥጋ መሃል 74 ዲግሪ ይድረስ፤ መለኪያው አጥንት አይንካ። ጥሬ ክትፎም ለብለብም አናወጣም። ደንበኛ ቢለምንም መልሳችን ያው ነው፤ መንገድ ላይ ለሚቆይ ምግብ አይሆንም።

ወሳኝ ነጥብ 2፣ ማቀዝቀዝ፦ ለነገ የሚያድር ምስር ወይም ዶሮ ወጥ በትልቁ ድስት አይደር። አንዳንድ ጀርሞች መፍላትን ተቋቁመው ይቆዩና ወጡ ቀስ እያለ ሲበርድ ይራባሉ። ስለዚህ ዝርግ ትሪ ላይ በስሱ ይገልበጥ። ከ60 ወደ 21 ዲግሪ በ2 ሰዓት፣ ከዚያ ወደ 5 በሌላ 4 ሰዓት ይውረድ። በመጀመሪያው 2 ሰዓት 21 ካልደረሰ ወዲያው እስከ 74 ይሙቅና ማቀዝቀዙ እንደገና ይጀመር። ሁለተኛ ካልሆነ ይጣል። ያደረ ሩዝ ግን ጨርሶ አንጠቀምም፤ ጀርም የሚያወጣው አንዳንዱ መርዝ በማሞቅ አይጠፋም።

ወሳኝ ነጥብ 3፣ ማጓጓዝ፦ ሲጫንም ሲደርስም ከ60 ዲግሪ በላይ ይሁን። የምሳ ሰዓት የመንገድ መጨናነቅ ይታወቃል፤ መኪናው ከ5፡00 ሳያልፍ ይነሳ። ከ60 ወርዶ ከደረሰና 2 ሰዓት ካልሞላው፣ እዚያው እስከ 74 ይሞቃል። መቼ እንደወረደ ካልታወቀ አይቀርብም።

ቴርሞሜትሩ ሰኞ ጠዋት በበረዶ ውሃ ይፈተሻል፤ 0 ማሳየት አለበት። በፈላ ውሃ 100 አትጠብቁ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል።

ሳይለካ ቁጥር የሚሞላ ሰው ሕመም እየሸሸገ ነው። ቁጥሩ መጥፎም ቢሆን እንዳለ ይጻፍ፤ ማንም አይቆጣበትም።

የማክሰኞ መዝገብ (ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር)

1፡15፣ ፍሪጅ፣ 4 ዲግሪ፣ ዋና አብሳይ
4፡20፣ ዶሮ ወጥ፣ 86 ዲግሪ፣ ዋና አብሳይ
4፡50፣ ዶሮ ወጥ ሲጫን፣ 79 ዲግሪ፣ ሹፌር
4፡50፣ ሽሮ ሲጫን፣ 68 ዲግሪ፣ ሹፌር
6፡00፣ ዶሮ ወጥ ሲደርስ፣ 67 ዲግሪ፣ አስተናጋጅ
6፡00፣ ሽሮ ሲደርስ፣ 56 ዲግሪ፣ አስተናጋጅ። እስከ 76 ሞቀ፣ 6፡20 ቀረበ። የሽሮው ሳጥን ክዳን በደንብ አይገጥምም፤ ዛሬ ይቀየር።