ሰብልዬ፣ መንገድሽን ጨርቅ ያድርግልሽ

ሰብልዬ የኔ ቆንጆ! ፖስትሽን ያየሁት ዛሬ ጠዋት ከሌሊት ተረኛ ወጥቼ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው። ቀኑን ካንቺ አፍ ከሰማሁ ሳምንት ሆኖኛል። ግን ያቺን ቀይ ሻንጣና "ቅዳሜ ማታ ወደ ፍራንክፈርት" የሚለውን ጽሑፍ ሳይ ልቤ ዘለለ። ከ6 ኪሎ እስከ ሽሮ ሜዳ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነው የሄድኩት። አጠገቤ የተቀመጡ እናት "ምን የምሥራች አገኘሽ ልጄ?" አሉኝ። "ጓደኛዬ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ አግኝታ ጀርመን ልትሄድ ነው" አልኳቸው። "እሰይ! የወጣችበት ይቅናት" ብለው ስምሽን እንኳ ሳይጠይቁ መረቁሽ። እኔ ከመጻፌ በፊት የሳቸው ምርቃት ይድረስሽ።

ከላይ የተጻፉትን ሁሉ አነበብኳቸው። "ማን ያጫውተን?" "ሰፈሩ ጭር ሊል ነው።" ሁሉም ከፍቅር የመጣ ነው፣ ይገባኛል። እኔ ግን የለቅሶ ቃል መጻፍ አልፈልግም። ይሄ ጉዞ ድንገት የመጣ አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትለፊበት በዓይኔ ያየሁት ነው። የለፋ ሰው የልፋቱን ሲያገኝ እልል ይባላል እንጂ አይለቀስም።

እስቲ ለማያውቁት ልንገራቸው። ጀርመንኛ የጀመርሽ ሰሞን እናንተ ቤት ቡና ልጠጣ መጥቼ ነበር። ቤቱ በሙሉ ወረቀት ተለጥፎበታል። በሩ ላይ ወረቀት፣ ወንበሩ ላይ ወረቀት፣ የስኳር ዕቃው ላይ ወረቀት። በሰማያዊ እስክሪብቶ የጀርመንኛ ስሙ፣ ከፊቱ ደግሞ "ዴር" ወይ "ዲ" ወይ "ዳስ"። ጀበናዋ ብቻ ባዶዋን ቁጭ ብላለች። "ይቺንስ?" ስልሽ "ለሷ ስም የላቸውም፣ ጀበና ተብላ ትቅር" አልሽኝ። እናትሽ እትዬ አስካለ ደግሞ ስኒ እያቀረቡ "ጉተን ሞርገን" ሲሉኝ ከመቀመጫዬ ልወድቅ ነበር። ያን ቀን ነው ይቺ ልጅ ትሄዳለች ያልኩት።

ከዚያማ ኑሮሽ ሌላ ሆነ። ቀን ሥራ፣ ማታ ጎተ ኢንስቲትዩት፣ ሌሊት ተረኛ ከሆንሽ ደግሞ መድኃኒት ሰጥተሽ ስትጨርሺ ደብተርሽን ትገልጫለሽ። የጀርመንኛው የቢ 2 ፈተና ማንበቡ፣ መጻፉና መናገሩ አልፎልሽ ማዳመጡ ላይ በትንሽ ነጥብ ስትቀሪ የተናገርሽውን አልረሳም። "ሦስቱን አልፌያለሁ እኮ፣ የቀረኝ አንድ ነው" አልሽ። እኔ ብሆን ሳምንት እተኛ ነበር። አንቺ በማግስቱ ጆሮሽ ላይ ማዳመጫ ሰክተሽ የጀርመን ሬዲዮ እየሰማሽ የሕሙማን አልጋ ታነጥፊ ነበር።

እቁባችንንም ላንሳው። ለቪዛው ብር ያጠረሽ ወር ዕጣው ለዋና ነርሷ ወጣላት። ቀና ብላ አየችሽና "እኔ በአንቺ ተራ እወስዳለሁ፣ የዚህን ወር ለሰብለ ስጧት" አለች። ማንም አላጉረመረመም። ለአንቺ ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው? የሁላችንንም ተራ ስንቴ ሸፍነሽልናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ትናንት ስናወራ አንድ ነገር ፈርቻለሁ ብለሽኝ ነበር። "እዚያ እኔ ምን የተለየ ነገር አለኝ? መሣሪያው አዲስ፣ ቋንቋው አዲስ፣ መጀመሪያ በረዳትነት ነው የምሠራው" አልሽኝ። ትናንት መልስ አጥቼ ዝም አልኩ። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ፤ መልሱን አገኘሁት።

ከሰላሌ የመጡትን አባት ታስታውሻቸዋለሽ? 9 ቁጥር አልጋ ላይ የነበሩት። አስታማሚ አልነበራቸውም። ያመጣቸው የሰፈራቸው ሰው በዚያው ተመልሷል። እኛ ጋ አስታማሚ የሌለው ሕመምተኛ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። የሚያጥበው ሰው፣ የሚያጎርሰው ሰው፣ የሚያገላብጠው ሰው የለውም። እኛ ደግሞ ስንት አልጋ ለሁለት ይዘን የቱ ጋ ደርሰን። ሽማግሌው ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል።

ያን ሌሊት ከሰባት ሰዓት በኋላ ምሳ ዕቃሽን ይዘሽ ሄድሽ። የእትዬ አስካለ ሽሮ ፍትፍት ነበረች። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥሽና "አባባ፣ እኔም ብቻዬን መብላት አልወድም" አልሻቸው። ዝም አሉ። አጎረስሻቸው። ቀስ ብለው አኘኩ። ከዚያ "አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ እንዳንጣላ" ብለሽ ሁለተኛውን ሰጠሻቸው። እኔ ከኋላ ቆሜ አይ ነበር። ሦስተኛውን ከጎረሱ በኋላ እጅሽን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባራቸው ላይ አደረጉት። "የማን ልጅ ነሽ?" አሉሽ። "የአስካለ" አልሻቸው፣ የሚያውቋት ይመስል። በነጋታው ራሳቸው ቀና ብለው ተቀምጠው አገኘናቸው። እስኪወጡ ድረስ "የአስካለ ልጅ ገባች?" እያሉ ሲጠይቁ ነበር።

ታዲያ ስሚኝ። የምትሄጂበት አገር ሆስፒታል ውስጥ አስታማሚ አልጋ ሥር አንጥፎ አያድርም። ማጠቡ፣ ማልበሱ፣ ማብላቱ፣ ደግፎ ማራመዱ የነርሷ ሥራ ነው። የምትመደቢውም አረጋውያን ክፍል ነው ብለሽኛል። እዚህ ማንም ሳያዝሽ፣ ከእንቅልፍሽ ቀንሰሽ የምትሠሪው እዚያ የተቀጠርሽበት ሥራ ነው። መሣሪያውን ያሳዩሻል፣ ይለመዳል። የጎደለሽን ያህል ሠልጥነሽ ወይ ተፈትነሽ የነርስነት ወረቀትሽንም ያጸድቁልሻል። አልጋ ጫፍ ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ ግን አንቺን ማንም አያስተምርሽም። እሱን ይዘሽው ነው የምትሄጂው፣ ከኪሎም አይቆጠርም።

ደግሞ በቋንቋው በኩልም የረዳሽ ነገር አለ። "ዱ" እና "ዚ" ሲባል ሌላው ተማሪ ሲደነጋገር አንቺ ወዲያው ነው የገባሽ። አንተና እርስዎ እያልን ያደግን ልጆች ነን። አንድ አሮጊት አልጋቸው ላይ ሆነው በእርስዎ ስታናግሪያቸው ፊታቸው እንዴት እንደሚፈታ ከአሁኑ ይታየኛል።

ስለ ብርዱ ብዙ አስፈራርተውሻል። እውነት ነው፣ ታኅሣሥ ላይ በነሱ ሰዓት ገና 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። ግን ሰኔ ላይ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ድረስ ብርሃን ነው። እኛ በክረምት ጭቃ ጃንጥላ ይዘን ስንሮጥ አንቺ ከሥራ ወጥተሽ ማይን ወንዝ ዳር ፀሐይ ላይ ትቀመጫለሽ። ፎቶ ላኪልን። የመጀመሪያዎቹን ጨለማ ወራት ደግሞ ቤትሽ ገብተሽ ብቻሽን አትቆለፊ። ፍራንክፈርት አበሻ ሞልቷል። እሑድ እሑድ ውጪ፣ ቅዳሴውንም እንጀራውንም ፈልጊ፣ ሰው ተዋወቂ። አንቺ ሰው ስትወጂ ሰውም ይወድሻል።

ስለ ሻንጣው ደግሞ እዚሁ ልንገርሽ፣ እትዬ አስካለም በታናሽሽ ስልክ ያነቡት ይሆናል። እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቅቤውና ቋንጣው አይሄድም! ሥጋና የወተት ነገር ከዚህ ይዞ መግባት አይፈቀድም። እዚያ ጉምሩክ ያገኙት እንደሆነ ይጥሉታል፣ ያ ሁሉ ድካምዎ ያሳዝነኛል። ይልቅ ኮረሪማውን፣ ኮሰረቱን፣ አብሹን ለየብቻ ይቋጥሩላት። የጀርመን ቅቤ ገዝታ በእርስዎ ቅመም ታንጥረው። ፎቁ በሙሉ ሲሸተው ጎረቤቶቿ በር እያንኳኩ ይተዋወቋታል። በርበሬና ሽሮው ግን ይሂድ፣ በደንብ ይታሸግ፣ ሁለት ፌስታል ይደረብበት። የተፈቀደልሽ ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። መጽሐፎቹን ቀንሺ፣ ሽሮውን አትቀንሺ።

እናትሽን በሚመለከት አንድም ቀን እንዳትጨነቂ። እሑድ ከሰዓት የኔ ቡና እናንተ ቤት ነው። ይሄ የወግ ቃል አይደለም፣ ከእትዬ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል። የደም ግፊታቸውን እዚያው እለካለሁ፣ ቁጥሩን እጽፍልሻለሁ፣ ከፍ ቢልም ዝቅ ቢልም አልደብቅሽም። መድኃኒታቸው ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው እገዛለሁ። አንቺ ስትደውዪ ስልኩን ጀበናዋ አጠገብ አቆመዋለሁ። ስትደርሺ የሰዓት ልዩነታችን አንድ ሰዓት ነው፣ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ እነሱ ሰዓታቸውን ሲመልሱ ሁለት ይሆናል። ቡናችን 10 ሰዓት ላይ ነው፤ የሌሊት ተረኛ ሆነሽ ብታድሪም በነሱ 9 ወይ 8 ሰዓት ስለሚሆን ተኝተሽ ትደርሺበታለሽ።

ሰብልዬ፣ አንቺ የኔ እህት ነሽ። የዛሬ ስምንት ዓመት፣ ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሌሊት ደም ሥር ማግኘት አቅቶኝ እጄ ሲንቀጠቀጥ ከኋላዬ መጥተሽ "ተንፍሺ፣ ከዚያ ድገሚው" ብለሽ ትከሻዬን ነክተሽኝ ነበር። መርፌውን አልቀማሽኝም። እስክጨርስ አጠገቤ ቆመሽ ጠበቅሽኝ። አሁን አዲስ ልጆች ሲመጡ እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው። በአንቺ ቦታ ሰኞ የምትገባዋን ልጅ ከኔ ጋር መድቢያት ብዬ ዋና ነርሷን ጠይቄያታለሁ፣ እሺ ብላኛለች።

መንገድሽን ጨርቅ ያድርግልሽ። የእናትሽ ምርቃት ይከተልሽ። በሄድሽበት ሞገስ ይስጥሽ፣ ክፉ አይንካሽ፣ የሚወድሽ ሰው ያጋጥምሽ። ወረቀትሽ ጸድቆ የመጀመሪያ ደመወዝሽን ስትበዪ ደውይልኝ፣ እልልታውን ከዚህ አሰማሻለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የሻንጣ ሚዛኑን ይዤ 3 ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ቀዩን ሻንጣ ሳልመዝነው እንዳትቆልፊው። እትዬ፣ ቡናውን ይቁሉልን።